የመፈተሻ ቢቶችን የት ማስቀመጥ ይሻላል? ነጠላ ስህተት አራሚ ኮድ ለሚመርጡ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ስምንት ቢት ያለው መረጃ በሽቦ ሲተላለፍ ወይም በማህደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ሲቆይ ከቢቶቹ አንዱ ሊገለበጥ፣ ማለትም 0 የነበረው 1 ወይም 1 የነበረው 0 ሊሆን ይችላል። ከመረጃው ጋር የ1ዎቹን ብዛት ተጋማሽ የሚያደርግ አንድ የፓሪቲ ቢት ብቻ ካስቀመጥን ስህተት መኖሩን እናውቃለን፤ የተበላሸው የትኛው ቢት እንደሆነ ግን ማወቅ አንችልም፤ ስለዚህ መረጃው እንደገና እንዲላክ ከመጠየቅ ወይም ሥራውን ከማቆም ሌላ ምርጫ አይኖረንም። ሪቻርድ ሃሚንግ በቤል ላብራቶሪዎች ይሠራበት የነበረው የሪሌይ ኮምፒዩተር የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ ስህተት መፈጠሩን ይለያል፣ ባለሙያ በማይገኝበት የሳምንቱ መጨረሻ ግን የጀመረውን ሥራ ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ማሽኑ ስህተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ ቦታውን ማወቅስ ለምን ያቅተዋል የሚለው ጥያቄ ሃሚንግን እ.ኤ.አ. በ1950 ወዳሳተመው ጽሑፍና ዛሬ በስሙ ወደሚጠራው ኮድ አደረሰው።

ይህን ኮድ በሥራ ላይ ለማዋል የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ውስጥ የሚያደባልቃቸው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የመፈተሻ ቢቶቹ የት ይቀመጡ የሚል ነው፤ በመረጃ ቢቶቹ መካከል በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ8 ቁጥር ቦታዎች ይሰግሰጉ ወይስ ከመረጃው ኋላ በአንድነት ይሰለፉ? ሁለተኛው ከእነዚህ በላይ አንድ ተጨማሪ አጠቃላይ የፓሪቲ ቢት ያስፈልጋል ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚወስነው የአሠራርን ምቾት ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮዱ ምን መሥራት እንደሚችልና ምን እንደማይችል ይወስናል። በእኔ እምነት ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሁለተኛው ነው። ከዚህ በታች ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ እየተከተልን እናነጻጽራለን።

ቦታን የሚናገር ቁጥር

ለስምንት የመረጃ ቢት ስንት የመፈተሻ ቢት እንደሚያስፈልግ በቀላል ቆጠራ ይታወቃል። መፈተሻዎቹ በጋራ የሚሰጡት ውጤት ሲንድረም ይባላል፤ ይህ ውጤት እያንዳንዱን ቦታ ለይቶ መጥራት፣ በተጨማሪም "ምንም ስህተት የለም" የሚል አንድ መልስ መስጠት መቻል አለበት። በሦስት መፈተሻ ቢት ስምንት የተለያዩ መልሶች ብቻ ይገኛሉ፤ ጠቅላላው ርዝመት 11 ስለሚሆን እነዚህ አይበቁም። በአራት መፈተሻ ቢት 16 መልሶች ይገኛሉ፤ ጠቅላላው ርዝመት 12 ይሆናልና የሚያስፈልጉት መልሶች 13 ናቸው፤ ሦስት መልሶች ይተርፋሉ። የመረጃ ቢቶቹን ብዛት `m`፣ የመፈተሻዎቹን ብዛት `r` ካልን ሁኔታው `2^r >= m + r + 1` ተብሎ ይጻፋል። የተረፉት ሦስት መልሶች ወደ ኋላ ላይ ጠቃሚ ሆነው ስለምናገኛቸው ልብ ይባሉ።

በጥንታዊው አቀማመጥ ቦታዎቹ ከ1 እስከ 12 ይቆጠራሉ፤ የሁለት ርቢ የሆኑት ማለትም 1፣ 2፣ 4 እና 8 ለመፈተሻ ይሰጣሉ፤ መረጃው በቀሩት በ3፣ 5፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ 11 እና 12 ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ የቦታ ቁጥር በሁለትዮሽ ሲጻፍ በየትኞቹ መፈተሻዎች እንደሚጠበቅ ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ 10 በሁለትዮሽ 1010 ነው፤ ይህም 8 እና 2 ሲደመሩ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ በቦታ 10 ያለው ቢት በመፈተሻ 8 እና በመፈተሻ 2 ይጠበቃል፣ በሌሎቹ አይጠበቅም። የሁለት ርቢዎች ለመፈተሻ የተመረጡበት ምክንያት ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለትዮሽ አንድ 1 ብቻ ስላላቸው ነው። እያንዳንዱ መፈተሻ የሚገኘው በራሱ ቡድን ውስጥ ብቻ በመሆኑ የአንዱን ዋጋ ለማወቅ የሌላውን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም ከመረጃው በቀጥታ ይሰላሉ።

አሁን 1 0 1 1 0 0 1 0 የሚለውን መረጃ እንውሰድ። በየቦታው ስናስቀምጠው 1 የሚያርፍባቸው ቦታዎች 3፣ 6፣ 7 እና 11 ናቸው። የእነዚህን የቦታ ቁጥሮች ኤክስ-ኦር እንሥራ፤ ይኸውም ቁጥሮቹን በሁለትዮሽ ጽፎ በየአምዱ የሚገኙት 1ዎች ብዛት ተጋማሽ ከሆነ 0፣ ኢተጋማሽ ከሆነ 1 መጻፍ ነው። 3 እና 6 ተጣምረው 5 ይሰጣሉ፤ 5 እና 7 ተጣምረው 2 ይሰጣሉ፤ 2 እና 11 ተጣምረው 9 ይሰጣሉ። 9 በሁለትዮሽ 1001 ስለሆነ መፈተሻ 8 እና መፈተሻ 1 ዋጋቸው 1፣ መፈተሻ 4 እና መፈተሻ 2 ዋጋቸው 0 ይሆናል። ሙሉው የኮድ ቃል የሚከተለው ነው።

```
pos:  1  2  3  4  5  6  7  8  9 10 11 12
bit:  1  0  1  0  0  1  1  1  0  0  1  0
```

በጉዞ ላይ በቦታ 10 ያለው ቢት ከ0 ወደ 1 ተገለበጠ እንበል። ተቀባዩ አራቱን ቡድኖች ይፈትሻል። የመፈተሻ 1 ቡድን የሚሸፍናቸው 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 11 ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ አራት 1ዎች ስላሉ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው፤ መልሱ 0 ነው። የመፈተሻ 2 ቡድን 2፣ 3፣ 6፣ 7፣ 10 እና 11 ሲሆን አሁን አምስት 1ዎች ይዟል፤ መልሱ 1 ነው። የመፈተሻ 4 ቡድን ከ4 እስከ 7 ያሉትንና 12ን ይይዛል፤ ሁለት 1ዎች አሉት፤ መልሱ 0 ነው። የመፈተሻ 8 ቡድን ከ8 እስከ 12 ያሉት ሲሆን ሦስት 1ዎች አሉት፤ መልሱ 1 ነው። መልሶቹን ከመፈተሻ 8 ጀምረን ወደ መፈተሻ 1 ስንጽፋቸው 1010 እናገኛለን፤ ይህ 10 ነው። ሲንድረሙ የተገለበጠውን ቢት በቁጥሩ ጠራው፤ ቦታ 10ን መልሶ መገልበጥ ብቻ ይቀራል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስተዋል ለምርጫው መሠረት ነው። ትክክለኛው የኮድ ቃል 1 የያዙ ቦታዎቹ ቁጥሮች ኤክስ-ኦር ሁልጊዜ ዜሮ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ቢት ሲገለበጥ የዚያ ቦታ ቁጥር ወደ ስሌቱ ይገባል ወይም ከስሌቱ ይወጣል፤ በሁለቱም መንገድ ከዜሮ የሚቀረው ያው ቁጥር ብቻ ነው። መረጃው ምን እንደነበረ ምንም ለውጥ አያመጣም። በፕሮግራም ሲጻፍም ቡድኖቹን አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግም፦

```
def syndrome(w):        # w[1] .. w[12]
    s = 0
    for pos in range(1, 13):
        if w[pos]:
            s ^= pos
    return s
```

መረጃውን ሳይበታትኑ ማስቀመጥ

ሁለተኛው አቀማመጥ ስልታዊ ይባላል። ስምንቱ የመረጃ ቢቶች ከ1 እስከ 8 እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ አራቱ መፈተሻዎች ከ9 እስከ 12 ይከተሏቸዋል። ምሳሌያችን በዚህ አቀማመጥ 1 0 1 1 0 0 1 0 ከዚያም 1 0 0 1 ይሆናል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ስህተት በሌለበት ጊዜ፣ ያም ማለት በአብዛኛው ጊዜ፣ መረጃውን ለማንበብ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቢቶች መውሰድ ይበቃል፤ በየቦታው የተበተኑትን እየለቀሙ መገጣጠም አያስፈልግም። መፈተሻዎቹን በሌላ ፋይል ወይም በሌላ ቺፕ ላይ ለብቻቸው ማስቀመጥም ይቻላል።

የማረም ችሎታው ግን በምንም አይለይም። ቢቶቹ ቦታ ተቀያየሩ እንጂ እያንዳንዱ ቢት በየትኞቹ መፈተሻዎች እንደሚጠበቅ አልተለወጠም። የተለወጠው የሲንድረሙ ትርጉም ነው። በጥንታዊው አቀማመጥ ሲንድረሙ አድራሻ ነበር፤ በስልታዊው ግን የአምድ፣ ማለትም አንድ ቢት በየትኞቹ መፈተሻዎች እንደሚጠበቅ የሚናገረው ቁጥር፣ ስም ብቻ ይሆናል፤ ስሙን ወደ አድራሻ የሚመልስ ሰንጠረዥ የግድ ያስፈልጋል።

```
col = [3, 5, 6, 7, 9, 10, 11, 12, 1, 2, 4, 8]
```

በዚህ ዝርዝር መሠረት ሲንድረሙ 10 ሲመጣ የተበላሸው ስድስተኛው የመረጃ ቢት ነው፤ ምክንያቱም 10 በዝርዝሩ ስድስተኛ ላይ ይገኛል። ሰንጠረዡን ረስቶ 10ን እንደ አድራሻ የወሰደ ፕሮግራም ደግሞ በአሥረኛው ቦታ የሚገኘውን መፈተሻ 2ን ይገለብጣል። ያኔ የተበላሸው መረጃ እንደተበላሸ ይቀራል፤ ደኅና የነበረው መፈተሻም ይበላሻል፤ ሲንድረሙ እንደገና ቢሰላ 8 ይሰጣል። መጀመሪያ የተበላሸው የመጀመሪያው የመረጃ ቢት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሲንድረሙ 3 ስለሚሆን ፕሮግራሙ ሦስተኛውን የመረጃ ቢት ይገለብጥ ነበር፤ አንድ የነበረው የመረጃ ስህተት ሁለት ይሆናል። ደግነቱ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የራሱን ቦታ ቁጥር የያዘ አንድም አምድ የለም፤ ስለዚህ ይህ ስህተት በየትኛውም ቢት ላይ ቢሞከር ወዲያው ይገለጣል።

የማይገለጠው የቁጥር አጀማመር ስህተት ነው። ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ዝርዝርን ከ0 ጀምረው ስለሚቆጥሩ አንዳንዱ ሰው የኮድ ቦታዎችንም ከ0 ይጀምርና በቦታ 0 ላይ የመረጃ ቢት ያስቀምጣል። ዜሮ በሁለትዮሽ ምንም 1 የለውምና ያ ቢት በአንድም መፈተሻ አይጠበቅም፤ ቢገለበጥ ሲንድረሙ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ተቀባዩም የተበላሸውን መረጃ ትክክል ነው ብሎ ይቀበላል። ሌሎቹ ቢቶች በሙሉ በትክክል ስለሚታረሙ በጥቂት ናሙና ብቻ የሚፈትን ሰው ይህን ሳያይ ያልፋል።

ለአነስተኛ ፕሮሰሰር በሶፍትዌር የሚጻፍ፣ ሰንጠረዥ የማይፈልግና አጭር መሆን ያለበት ሥራ ከሆነ ጥንታዊውን አቀማመጥ እመርጣለሁ። መረጃው ብዙ ጊዜ የሚነበብና ጥቂት ጊዜ የሚታረም ከሆነ ስልታዊው የተሻለ ነው። በሃርድዌር ሲሠራ ክርክሩ ትርጉም ያጣል፤ በዚያ የቦታ ቁጥር ማለት የሽቦ ስም ማለት ነውና ሽቦዎቹን በፈለጉት ቅደም ተከተል መሰየም ወጪ የለውም፤ ሲንድረሙን ወደ አንድ የተወሰነ መስመር የሚተረጉም ሰርኪዩትም በሁለቱም አቀማመጥ ያስፈልጋል።

ሁለት ቢቶች ሲገለበጡ

እስከ አሁን ያየናቸው ሁለቱ አማራጮች የሚጋሩት አደጋ አለ፤ በእኔ አስተያየት ውሳኔው ሊያርፍበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስና ከቦታ 10 ጋር ቦታ 3 አብሮ ተገለበጠ እንበል። የ10 እና የ3 ኤክስ-ኦር 9 ነው። ተቀባዩ ሲንድረም 9 ስላገኘ በሙሉ እምነት ቦታ 9ን ይገለብጣል። ቦታ 9 ግን ደኅና ነበር። አሁን የተሳሳቱት ቦታዎች 3፣ 9 እና 10 ሆኑ፤ ሦስቱም የመረጃ ቢቶች ናቸው። 1 0 1 1 0 0 1 0 የነበረው መረጃ 0 0 1 1 1 1 1 0 ሆኖ ይወጣል፤ ከዚህ በኋላ ሲንድረሙ ቢሰላ ዜሮ ይሰጣል። ማረሙ ጉዳቱን ከማስፋቱም በላይ ምልክቱን አጠፋው ማለት ነው። የፓሪቲ ቢት ብቻ ያለው ቀላል ዘዴ ሁለት ስህተቶችን ማየት ባይችልም ቢያንስ ሦስተኛ ስህተት አይጨምርም ነበር።

ቀደም ሲል ተርፈዋል ያልናቸው ሦስት መልሶች ማለትም 13፣ 14 እና 15 እዚህ ላይ በመጠኑ ይረዳሉ። ለምሳሌ ቦታ 5 እና ቦታ 10 አብረው ቢገለበጡ ሲንድረሙ 15 ይሆናል፤ ቦታ 15 የሚባል ስለሌለ ተቀባዩ ከአንድ በላይ ስህተት እንዳለ ያውቃል፤ እርግጥ ይህን የሚፈትሽ መስመር በፕሮግራሙ ውስጥ ከተጻፈ ነው። ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ቦታ ለመገልበጥ ሲሞክር ይቆማል ወይም ጎረቤት የሆነ ሌላ መረጃ ያበላሻል። ሆኖም ይህ ጥበቃ ጠባብ ነው። ከ12 ቦታዎች ሁለት ሁለት እየተወሰዱ ከሚገኙት 66 ጥንዶች ውስጥ ከ12 በላይ የሆነ ሲንድረም የሚሰጡት 15 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 51 ጥንዶች በሐሰት ይታረማሉ።

መፍትሔው አሥራ ሦስተኛ ቢት ነው። ይህ ቢት በኮዱ ቃል ውስጥ ያሉት 1ዎች ጠቅላላ ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን ያደርጋል። በጥንታዊው አቀማመጥ እጅግ የሚስማማው ቦታው ቦታ 0 ነው፤ ዜሮ በሲንድረሙ ስሌት ውስጥ ምንም ስለማይጨምር ቀደም ሲል አደገኛ የነበረው ቦታ አሁን ለዚህ ቢት የተገባ ይሆናል። በምሳሌያችን ስድስት 1ዎች ስላሉ በቦታ 0 ላይ 0 ይቀመጣል።

ተቀባዩ አሁን ሁለት ነገር ይመለከታል፤ ሲንድረሙንና አጠቃላይ ፓሪቲውን። ሲንድረሙ ዜሮ ሆኖ ፓሪቲውም ተጋማሽ ከሆነ ቃሉ እንዳለ ይወሰዳል። ሲንድረሙ ከ1 እስከ 12 ሆኖ ፓሪቲው ኢተጋማሽ ከሆነ አንድ ስህተት አለ ማለት ነውና ሲንድረሙ የጠራው ቦታ ይገለበጣል። ሲንድረሙ ዜሮ ሆኖ ፓሪቲው ኢተጋማሽ ከሆነ የተገለበጠው ራሱ በቦታ 0 ያለው ቢት ነው፤ መረጃው ደኅና ነው። ሲንድረሙ ዜሮ ሳይሆን ፓሪቲው ተጋማሽ ሆኖ ከተገኘ ግን ሁለት ቢቶች ተገልብጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ምንም መገልበጥ አይገባም፤ መረጃው እንደማይታመን መናገር ብቻ ነው። ቦታ 3 እና ቦታ 10 በተገለበጡበት ምሳሌ የ1ዎቹ ብዛት መጀመሪያ ወደ 5 ወርዶ ከዚያ ወደ 6 ይመለሳል፤ ፓሪቲው ተጋማሽ፣ ሲንድረሙ 9 ይሆናል፤ ስለዚህ ቦታ 9 ሳይነካ ስህተቱ ይታወቃል። 66ቱም ጥንዶች በዚህ መንገድ ይያዛሉ፤ ቦታ 0ን የሚጨምሩትም ጭምር።

ወሰኑም በግልጽ መታወቅ አለበት። ሦስት ቢቶች ከተገለበጡ ፓሪቲው ኢተጋማሽ ስለሚሆን፣ ሲንድረሙ ከ12 ካልበለጠ ተቀባዩ ነጠላ ስህተት አድርጎ ያየዋል። ቅድም የተገኙት 3፣ 9 እና 10 በአንድ ጊዜ ቢገለበጡ ሲንድረሙ ዜሮ፣ ፓሪቲው ኢተጋማሽ ይሆናል፤ ተቀባዩ ቦታ 0 ብቻ እንደተበላሸ ቆጥሮ ሦስት ስህተት ያለበትን መረጃ ይቀበላል። ይህ ኮድ አንድን ያርማል፣ ሁለትን ያስታውቃል፤ ከዚያ በላይ ላለው ቃል አልገባም።

በዚሁ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር ላንሣ። ሁሉም ቢቱ 0 የሆነ ቃል በዚህ ኮድ ትክክለኛ ቃል ነው። ኃይል ያጣ ወይም የተቋረጠ መስመር ሁልጊዜ 0 የሚሰጥ ከሆነ ተቀባዩ ባዶውን ቃል ያለ ምንም ጥርጣሬ ይቀበላል። አሥራ ሦስቱም ቢቶች 1 ሲሆኑ ደግሞ ሲንድረሙ 12፣ ፓሪቲው ኢተጋማሽ ስለሚሆን በቦታ 12 ላይ ነጠላ ስህተት ያለ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መፈተሻ 1ን እና መፈተሻ 2ን ከመላካቸው በፊት መገልበጥ፣ ሲደርሱም ከሁሉ አስቀድሞ መልሶ መገልበጥ ነው። ያኔ ሁሉም 0 የሆነ ቃል ሲንድረም 3 እና ተጋማሽ ፓሪቲ ይሰጣል፤ ሁሉም 1 የሆነ ቃል ደግሞ ሲንድረም 15 እና ኢተጋማሽ ፓሪቲ ይሰጣል፤ ሁለቱም የማይታረሙ ሆነው ይታያሉ። ተጨማሪ ቢት አያስፈልግም፤ ነጠላ ስህተትን የማረም ችሎታውም አይነካም።

ቃሉ ሲረዝም

ለስምንት ቢት መረጃ አምስት ተጨማሪ ቢት መክፈል ብዙ ነው። ለ64 ቢት መረጃ የሚያስፈልገው ግን ሰባት መፈተሻና አንድ አጠቃላይ ፓሪቲ፣ በድምሩ ስምንት ቢት ብቻ ነው። ባለ 72 ቢት ቃል በማህደረ ትውስታ ሥራ የተለመደው ለዚህ ነው። ቁጠባው ግን ዋጋ አለው። 64 ቢት መረጃን በስምንት አጫጭር ቃላት ብናስቀምጠው እያንዳንዱ ቃል 13 ቢት ሆኖ 78 ጥንዶች ይኖሩታል፤ በድምሩ 624 ጥንዶች ናቸው። በአንድ ባለ 72 ቢት ቃል ውስጥ ግን 2556 ጥንዶች አሉ። ስህተቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኙ ከሆኑ በረጅሙ ቃል ሁለት ስህተት የመገናኘቱ ዕድል አራት እጥፍ ያህል ነው። ስህተቶቹ ጎን ለጎን ባሉ ቢቶች ላይ በአንድነት የሚደርሱ ከሆነ ደግሞ የቃሉን ርዝመት ከመቀየር ይልቅ ጎረቤት የሆኑት ቢቶች የተለያዩ ቃላት አባል እንዲሆኑ አድርጎ መበተን የበለጠ ይጠቅማል።

ለረጅም ቃል ሃርድዌር የሚሠራ ሰው ሦስተኛ አማራጭ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ባለሙያ የነበረው ሲያኦ ያቀረበው አደረጃጀት ነው። በዚህ ኮድ የተለየ አጠቃላይ ፓሪቲ የለም፤ ይልቁንም የእያንዳንዱ ቢት አምድ ኢተጋማሽ ብዛት ያላቸው 1ዎች እንዲኖሩት ተደርጎ ይመረጣል። ነጠላ ስህተት ኢተጋማሽ 1ዎች ያሉት ሲንድረም ይሰጣል፤ ሁለት ስህተት ሁለት ኢተጋማሽ አምዶችን ስለሚያጣምር ተጋማሽ 1ዎች ያሉትና ዜሮ ያልሆነ ሲንድረም ይሰጣል። መለያው በሲንድረሙ ውስጥ ራሱ አለ።

ጥቅሙ በፍጥነት ላይ ይታያል። በጥንታዊው ኮድ ተቀባዩ አጠቃላይ ፓሪቲውን ለማግኘት 72ቱንም ቢቶች በኤክስ-ኦር ማጣመር አለበት፤ ሁለት ሁለት ግቤት ባላቸው የሎጂክ በሮች ይህ ሰባት ደረጃ ይጠይቃል። በሲያኦ ኮድ 8 አምዶች አንድ 1፣ 56 አምዶች ሦስት 1፣ 8 አምዶች አምስት 1 ይዘው ከስምንቱ መፈተሻዎች እያንዳንዱ 27 ቢቶችን ብቻ እንዲያጣምር ማድረግ ይቻላል፤ ይህም በአምስት ደረጃ ያልቃል። የሚከፈለው ዋጋ ሲንድረሙ አድራሻ መሆኑ መቅረቱ ነው፤ የተበላሸውን ቢት ለማግኘት ሲንድረሙን ከ72ቱ አምዶች ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በሃርድዌር ይህ ማመሳከር ለሁሉም አምዶች በአንድ ጊዜ ስለሚከናወን አይከብድም። በሶፍትዌር ግን ሰንጠረዥ ይጠይቃልና ለአጭር ቃል የሲያኦን ኮድ መምረጥ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

እኔ የምመርጠው

የተበላሸን መረጃ እንደገና ማስላክ በማይቻልበት ሥራ ሁሉ አጠቃላይ ፓሪቲውን ያለ ማመንታት እጨምራለሁ። አሥራ ሦስተኛውን ቢት ለመቆጠብ ብሎ በ51 ጥንዶች ላይ በሐሰት የሚያርም ኮድ መውሰድ ትክክለኛ ቁጠባ ነው ብዬ አላምንም። ባለ 12 ቢቱን ብቻ መጠቀም የሚያስኬደው ሁለት ስህተት በአንድ ቃል ውስጥ ሊገናኝ የማይችልበት በቂ ምክንያት ሲኖር ወይም ከበላዩ ሙሉውን መልእክት የሚፈትሽ ሌላ ዘዴ ሲኖር ነው። መልሶ ማስላክ ቀላል ከሆነ ደግሞ ሌላም መንገድ አለ፤ ባለ 12 ቢቱን ኮድ ይዞ ማረሙን መተውና ዜሮ ያልሆነ ሲንድረም በተገኘ ቁጥር እንደገና ማስላክ ነው። ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ኤክስ-ኦራቸው ፈጽሞ ዜሮ ስለማይሆን በዚህ አጠቃቀም ሁለት ስህተቶች ሁልጊዜ ይታወቃሉ፤ የማረሙን ችሎታ ስንተው የማስታወቅ ችሎታ እናገኛለን።

ከአቀማመጦቹ የትኛውም ቢመረጥ ፈተናው አንድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ማካሄድም አይከብድም። ባለ 13 ቢቱን ብንወስድ 256 የተለያዩ መረጃዎች አሉ፤ እያንዳንዱን ከ13ቱ ቦታዎች በአንዱ ስንገለብጥ 3328 ሙከራዎች ይሆናሉ፤ በ78ቱ ጥንዶች ስንገለብጥ 19968 ሙከራዎች ይሆናሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁሉ የወጣው መረጃ ከገባው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በሁለተኛዎቹ ሁሉ "አይታረምም" የሚል መልስ መምጣት አለበት። ማነጻጸሪያው የግድ መጀመሪያ የገባው መረጃ መሆን አለበት። ከታረመ በኋላ ሲንድረሙ ዜሮ መሆኑን ብቻ የሚያይ ፈተና በቦታ 9 ላይ እንዳየነው ያለውን የሐሰት ማረም ትክክል ነው ብሎ ያሳልፋል።